«እርጉዝ ማበጧ ያለ ነው» ለምትሉ ሁሉ

ወዳጆቼ፣ ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። የምናገረውም በንዴት ስለሆነ ከወዲሁ ይቅርታ።

ሰሞኑን አንድ ዘመዳችን ቤት ቡና ላይ ቁጭ ብለናል። እርጉዝ የሆነችው የቤቱ ልጅ ፊቷ አብጧል፣ ራሷንም ይዛዋለች። እናቶች በአንድ ድምፅ «የልጅ ነው፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» አሏት። አንዷ ዳማከሴ ልታመጣላት ተነሳች። እኔ ግን ያለፈው ዓመት ነገር ትዝ አለኝና ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔም እኮ ብዬዋለሁ። «የልጅ ነው» ብዬ ታናሽ እህቴን ልገድላት ነበር።

እህቴ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር፤ የምትኖረው እዚሁ ኮልፌ፣ ሎሚ ሜዳ አካባቢ። ክትትሏን አላቋረጠችም። ካርዷ አሁንም እኔ ጋ አለ። በ12ኛው ሳምንት ግፊቷ 100/60፣ በ20ኛው 100/60፣ በ28ኛው 110/70 ይላል። በ32ኛውም 110/70 ይላል። እህቴ ግን ያን ቀን ክንዷን የነካው ሰው የለም። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ክብደቷን አዩ፣ የልጁን ልብ ምት ሰሙ፣ ሂጂ አሏት። ቁጥሩ ከላይኛው መስመር ተገልብጦ ነው የተጻፈው።

በ34ኛው ሳምንት ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ አለ። ጠዋት ስትነሳ ዓይኗ ሥር ይነፋል። ራስ ምታቱ ሦስት ቀን ቆየ፤ ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ተጨመቀላት፣ ፓራሲታሞልም ዋጠች፣ ንቅንቅ አላለም። ከጎድን አጥንቷ ሥር በቀኝ በኩል ሲያማት ጨጓራ ነው አልናት። በመጨረሻ «ስልኩን ሳየው ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» ስትል ባሏ ደነገጠና በላዳ ሆስፒታል ወሰዳት። ግፊቷ 170/115። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ሦስት መስቀል። ወዲያው ማግኒዚየም ሰልፌት ጀመሩላት፣ ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት ሰጧት፣ በማግስቱ በኦፕሬሽን ወለደች። ልጁ 1.9 ኪሎ ነበር። ሁለቱም ተርፈዋል፣ ተመስገን። ግን የተረፉት በእኛ ብልጠት አይደለም።

በሽታው ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ ነው። ሥሩ ያለው እንግዴ ልጁ ላይ ነው። ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚወስዱት የማህፀን ሥሮች በእርግዝናው መጀመሪያ በደንብ ሳይሰፉ ይቀራሉ። ደም ያነሰው እንግዴ ልጅ ደግሞ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ነገሮች የደም ሥሮቿን ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳሉ። ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ግፊት ይወጣል። ሥሮቹ ያፈሳሉ፣ ፊትና እጅ ያብጣል። ኩላሊት ፕሮቲን ያሳልፋል። ጉበት ሲነካ ቀኝ ጎን ያማል፣ አንጎል ሲነካ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ይመጣል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መንቀጥቀጥ ነው፤ ያኔ ስሙ ኤክላምፕሲያ ይሆናል። እኛ ሰፈር ግን ስሙ ሌላ ነው፦ «ለከፋት» ይባልና ክብሪት ተጭሮ ይሸተታል። ክብሪት አያድንም። በግራ ጎኗ አስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሆስፒታል አድርሷት። ጸሎታችሁን መኪና ውስጥ አድርሱ።

አሁን ወደ እብጠቱ እንምጣ። «እርጉዝ ሁሉ ታብጣለች» የምትሉ ሰዎች ግማሽ እውነት ይዛችኋል። ማታ ማታ እግር ማበጥ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። በድንገት ፊትና እጅ ሲያብጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ምንም ሳታብጥ የምትታመምም አለች። ስለዚህ በዓይን አይለይም! እናቴም፣ እኔም፣ ሐኪሙም ብንሆን በማየት አንለየውም። የሚለየው ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅና የሽንት ምርመራ ነው። ግፊት ደግሞ 140/90 ሲደርስም ብዙ ጊዜ ምንም አያሳምምም። ያመማት ዕለት ዘግይቷል።

«ታዲያ በየቀጠሮው መለካት ምን ይሠራል? ባለፈው ደህና ነበር» ይሉኛል። እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ፣ አንድ ነጥብ መስመር ይሠራል? አይሠራም። በ28ኛው ሳምንት ደህና የነበረች ሴት በ32ኛው ላትሆን ትችላለች፤ በሽታው በቀናት ውስጥ ሊባባስ ይችላል። 100/60 የነበረች ሴት 130/85 ከመጣች ገና 140 አልሞላችም፣ ግን መስመሩ ሽቅብ እየሄደ ነው፣ ቶሎ ተመለሺ ልትባል ይገባል። የተገለበጠ ቁጥር ይህን መስመር ይሰርቃል። ባዶ ቦታ ይሻል ነበር፤ ባዶ ቦታ ቢያንስ አይዋሽም።

የመሮጫ ነገር የምትወዱ ደግሞ ይህን ስሙ። አሊሰን ፊሊክስን ታውቋታላችሁ፣ የአሜሪካዋ የኦሎምፒክ ባለወርቅ። በ2018 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንቷ ለተለመደ ክትትል ሄዳ ነው ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ የተገኘባት፤ በአስቸኳይ ኦፕሬሽን ወለደች። በሪዮ 2016 በዱላ ቅብብል አብራት ወርቅ ያገኘችው ቶሪ ቦዊ ግን በ2023 የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። የአስከሬን ምርመራው ለሞቷ ምክንያት ሊሆኑ ከሚችሉት መካከል ኤክላምፕሲያን ጠቅሷል። የዓለም ሻምፒዮን ጉልበት ያላስጣለውን ነገር «ጠንካራ ናት፣ ይለቃታል» ብለን እናልፈዋለን?

ለባለሙያዎችም አንድ ነገር አለኝ። ወረፋችሁን አውቃለሁ፣ እኔም 60 ተማሪ የሚቀመጥበት ክፍል ነው የማስተምረው። ግን ዳገት ወጥታ ስታለከልክ የደረሰችን ሴት በሹራቧ ላይ ጨርቁን ጠቅልሎ መለካት መለካት አይደለም። አምስት ደቂቃ ትቀመጥ፣ ጀርባዋ ይደገፍ፣ ክንዷ በልቧ ልክ ይሁን። መለኪያው ከተበላሸ «ተበላሽቷል» ብላችሁ ጻፉና ወደሚለካበት ላኳት።

መውለድ ደግሞ መጨረሻው አይደለም። መድኃኒቱ እንግዴ ልጁ መውጣቱ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ግፊቱ ከወሊድ በኋላም ሊወጣ፣ መንቀጥቀጡም ሊመጣ ይችላል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። እህቴ ወልዳም ግፊቷ 150/100 ነበር፣ ለሳምንታት ኪኒን ወስዳለች። የገንፎው ቀን «ራሴን አመመኝ» ያለችን አራስ ምች መታት ብላችሁ አታስተኟት።

ባሎች፣ ወንድሞች፣ እኛን ነው የምለው። ከክትትል ስትመለስ «ወንድ ነው ሴት?» ከማለታችን በፊት «ግፊትሽ ስንት ነበር?» እንበል። ሁለቱን ቁጥሮች ካላወቀች ወይ አልተለካችም፣ ወይ አልተነገራትም። ሁለቱም ተመልሶ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ናቸው።

ያቺ ቡና ላይ የነበረችው ልጅ እኔ ስጮህ ተነስታ ሄደች። 150/100። አሁን ሆስፒታል ተኝታ እየተከታተሏት ነው። እናቶቹ ተቀይመውኛል። ይቀየሙኝ።

እርጉዝ ያለበት ቤት ይድረስ፣ ሼር አድርጉት።