የኢሜይል ሣጥን ሁልጊዜ ክፍት ይሁን?

የኢሜይል ሣጥኑን ቀኑን ሙሉ ከፍቶ የሚጠብቅ ሠራተኛ ትጉህ ነው የሚለው፣ በየጊዜው የሚታተም አስተያየት፣ መልእክቱን ለማንበብ የሚፈጀውን አንድ ደቂቃ ብቻ ስለሚቆጥር ዋናውን ኪሳራ ይስታል። ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት «የትኩረት ቅሪት» ያሉት፣ ማለትም ሰው ሥራ ሲቀይር ከፊል ሐሳቡ በቀድሞው ሥራ ላይ መቅረቱ፣ በተለይ የተተወው ሥራ ሳይጠናቀቅ ሲቀር ይጸናል፤ ተነቦ ያልተመለሰ መልእክትም ከዚህ ወገን ነው።

ስለዚህ ሣጥኑ የሚከፈትበትን ድግግሞሽ መወሰን ያለበት ጠያቂው ያለ ጉዳት ሊጠብቅ የሚችለው ጊዜ ነው። በሦስት፣ በሰባትና በአሥር ሰዓት ሣጥኑን የሚከፍት የሒሳብ ሠራተኛ ዘንድ በእነዚህ መካከል የደረሰ መልእክት ሳይታይ የሚቆየው ቢበዛ አራት ሰዓት ነው፤ ይህ ስለ ደረሰኝ ለሚቀርብ ጥያቄ ይበቃል፣ በዕለቱ ለሚያልቅ ክፍያ ግን ስለማይበቃ፣ ለዚያ ስልክ እንዲደውሉ ባልደረቦቹ አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል። ሥራው ራሱ መልስ መስጠት የሆነው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ብቻ ከዚህ ስሌት ውጭ ነው።