ኳስ ጠባይ የሚኖረው ከመዝለሉ በፊት ነው



በወረቀት ላይ የሚነጥር ኳስ ሥሎ ሰውን ለማሳቅ የሚነሣ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ለኳሱ ሁለት ዓይንና አንድ አፍ መሣል ነው። ኳሱ እንዲደሰት ሲፈለግ አፉ ይስቃል፤ እንዲፈራ ሲፈለግ ዓይኑ ይፈጣል። እኔ ግን በበኩሌ ይህ መንገድ ሥራውን ከመጀመሪያው ያበላሸዋል እላለሁ። ፊቱን ብንሰርዘው የሚቀረው ግዑዝ ክብ ነውና። የኳስ ጠባይ የሚገኘው ከሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም መጨፍለቅ፣ መለጠጥና ማኮብኮብ ናቸው። ከሦስቱም ታላቁ ማኮብኮብ መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ይህን እኔ የፈጠርሁት አይደለም። በዋልት ዲዝኒ ድርጅት ለብዙ ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲሠሩ የኖሩት ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የሙያውን 12 መመሪያዎች ዘርዝረዋል። ከእነዚህ አንደኛው መጨፍለቅና መለጠጥ፣ ሁለተኛው ማኮብኮብ ነው። የሚነጥር ኳስም እስከ ዛሬ ድረስ ሙያውን ለሚጀምር ሰው የሚሰጥ የመጀመሪያ ልምምድ ነው።

መጨፍለቅ ማለት ኳሱ መሬት ሲነካ መጠፍጠፉ ነው፤ መለጠጥ ማለት ደግሞ በሚፈጥንበት ጊዜ በሚሄድበት አቅጣጫ መርዘሙ ነው። በዚህ ላይ መጠበቅ ያለበት ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ኳሱ መልኩን ቢለውጥም መጠኑን መለወጥ የለበትም። አንድ ኳስ ወርዱም ቁመቱም 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን ሁለቱ ሲባዙ 144 ይሆናል። ሲጨፈለቅ ቁመቱ 9 ከሆነ ወርዱ 16 ይሁን፤ አብዝቶ ሲጨፈለቅ ቁመቱ 8 ከሆነ ወርዱ 18 ይሁን፤ ሲለጠጥ ደግሞ ቁመቱ 16፣ ወርዱ 9 ይሁን። ብዜቱ ሁልጊዜ ያው 144 ነው። ቁመቱን ቀንሶ ወርዱን ማስፋት የረሳ ሰው ሥዕሉን ሲያገላብጠው ኳሱ የተጨፈለቀ ሳይሆን አየር ያጣ ይመስለዋል። ስሕተቱም በዚህ ይታወቃል።

ሁለተኛው ተደጋጋሚ ስሕተት የቦታ ነው። ኳስ የሚለጠጠው መሬት ሊነካ ሲል እና ከመሬት እንደ ተነሣ ነው፤ ከከፍታው ጫፍ ሲደርስ ፍጥነቱን ስለሚያጣ ፍጹም ክብ ይሆናል። መጨፈለቁም መሬት በነካበት ሥዕል ላይ ብቻ ይሁን። ይህን ሳያስተውሉ ከላይም ከታችም የሚለጥጡት ኳስ ቡኾ እንጂ ኳስ አይሆንም።

የፊዚክስ ትምህርት የሚወድ ጓደኛ፦ «ይህ ውሸት ነው፤ እውነተኛ ኳስ እንዲህ ሲሆን አይታይም» ይል ይሆናል። እርግጥ ነው፤ የእግር ኳስ ኳስ መሬት ሲነካ በእውነት ይጨፈለቃል፤ ነገር ግን ከመሬት ጋር የሚቆየው ለሰከንድ መቶኛ ያህል ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ዓይናችን አያየውም። ሠዓሊው የሚያደርገው ያለውን ነገር አጉልቶና አቆይቶ ማሳየት ነው። ሆኖም ወሰን አለው። በመንደራችን ልጆች ጠቅልለው የሚሠሩት የጨርቅ ኳስ ብዙ ይጨፈለቃል፣ ጥቂትም ይነጥራል፤ በአየር የተሞላ የቆዳ ኳስ ጥቂት ተጨፍልቆ ብዙ ይነጥራል፤ ድንጋይ ግን ከቶ አይጨፈለቅም። ስለዚህ መጨፍለቅና መለጠጥ የሚነግሩን ኳሱ ከምን እንደ ተሠራ ነው። ምን እንደሚያስብ ግን አይነግሩንም።

የሚያስበውን የሚነግረን ማኮብኮብ ነው። ማኮብኮብ ማለት ከዋናው እንቅስቃሴ በፊት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚደረግ ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ወደ ላይ የሚዘል ሰው አስቀድሞ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታ ተጫዋች ወደ ኋላ ይሸሻል። በዶርዜ ሸማኔ አጠገብ የቆመ ሰውም እጁ ጥቂት ወደ ኋላ ሳይል መወርወሪያው እንደማይወረወር ያያል። ይህ ሁሉ ለሚሠራው ሰው ጉልበት መሰብሰቢያ ነው፤ ለሚያየው ሰው ግን ወሬ ነው። የቅጣት ምቱን መቺ እናስብ፤ አንዱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ወዲያው ይመታል፤ ሌላው አሥር እርምጃ ሸሽቶ፣ ቆሞ፣ ኳሱንና በረኛውን እያፈራረቀ ያያል። ምቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ የመጀመሪያው ደፋር፣ ሁለተኛው የሚያመነታ መሆኑን ከሩቅ እናውቃለን። ፊታቸውን ማየት አላስፈለገንም።

ለዚህ እውነተኛ ምስክር የሚሆን አጭር ፊልም አለ። በ1986 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጆን ላሴተር በፒክሳር «ሉክሶ ጁኒየር» የተባለውን ሁለት ደቂቃ ያህል የሚሆን ሥራ አወጣ። በእርሱም ውስጥ አንዲት ትንሽ የጠረጴዛ መብራት ትልቁ መብራት እያያት በኳስ ትጫወታለች፤ በመጨረሻም ላዩ ላይ ስትዘል ኳሱ ይተነፍሳል። መብራቷ ዓይንም አፍም የላትም። ብረት ስለ ሆነችም እንደ ኳስ አትጨፈለቅም፤ በዚህ ፈንታ በመጋጠሚያዋ ትታጠፋለች። ከመዝለሏ በፊት ዝቅ ስትል ግን ልጅ መሆኗን የማያውቅ ተመልካች የለም።

አሁን ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ልሥራው። የሚያስፈልገው 9 ቅጠል ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱን በ8 ብንቆርጠው 72 ትናንሽ ቅጠሎች እናገኛለን። በአንድ ጠርዝ አስረን በአውራ ጣት በሰከንድ 12 ያህል ብናገላብጥ 6 ሰከንድ የሚቆይ ቀልድ ይሆናል። ተዋናዮቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ፊት የሌለው 12 ሚሊ ሜትር ኳስ ነው፤ ሁለተኛው በጫሞ ሐይቅ ዳር የተጋደመ 11 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ግንድ ነው። ግንዱ በአንድ ጫፉ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለችበት።

ከ1 እስከ 12 ባሉት ቅጠሎች ኳሱ ሁለት ጊዜ በትንሹ እየነጠረ ይገባል። ከ13 እስከ 18 ግንዱ ዘንድ ደርሶ ይቆምና ወደ ግንዱ ዘንበል ይላል። ከ19 እስከ 24 ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከ25 እስከ 30 ቁመቱ 8፣ ወርዱ 18 እስኪሆን ድረስ እየተጨፈለቀ ዝቅ ይላል። ከ31 እስከ 36 እንደዚያው ሆኖ ይቆያል፤ ስንገለብጠው በድን እንዳይመስል ግን በየቅጠሉ እንደገና መሣል አለበት፤ የእጃችን ትንሽ መዛባት ኳሱ የሚንቀጠቀጥ ያስመስለዋልና። እንግዲህ ለመዝለል ሲዘጋጅ ከ19 እስከ 36 ድረስ 18 ቅጠል ፈጀ፤ ይህም አንድ ሰከንድ ተኩል ነው።

ከ37 እስከ 42 ወደ ላይ ይወጣል። በየቅጠሉ የሚወጣበት ርቀት 11፣ 9፣ 7፣ 5፣ 3፣ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ድምሩ 36 ነው። የወደቀ ነገር በየእኩል ጊዜው የሚጨምረው በ1፣ 3፣ 5፣ 7 መጠን ስለ ሆነ መውጣቱ የዚያው ግልባጭ ነው። ከ43 እስከ 47 በ1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ድምሩ 25 ስለ ሆነ በ11 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማለት በግንዱ ጀርባ ላይ ያርፋል። ርቀቱን በሙሉ እኩል ያደረገ ሰው ኳሱ በገመድ የሚጎተት ይመስለዋል። በ47 ተጨፍልቆ፣ በ48 ክብ ይሆናል። ከ49 እስከ 54 ወደ ላይ ጥቂት ተለጥጦ ይቆማል፤ ኩራቱ ይህ ነው።

ከ55 እስከ 60 በግንዱ ጫፍ ያለችው ቀጭን መስመር ትከፈታለች። ዓይን ናት፤ ግንዱም አዞ ነው! ኳሱ ከ61 እስከ 66 ድረስ ክብ ሆኖ ድርቅ ይላል። በ67ኛው ቅጠል ላይ ኳሱ የለም፤ በገጹ ጠርዝ ላይ አንድ የተለጠጠ ጭረት ብቻ ይታያል። ከ68 እስከ 72 አዞው ብቻውን ነው፤ ዓይኑንም መልሶ ይጨፍናል።

ቀልዱ የት እንዳለ እናስተውል። አዞው አይደለም የሚያስቀው። ለመዝለል አንድ ሰከንድ ተኩል ሲሸሽ፣ ሲጎነበስና ሲንቀጠቀጥ የቆየው ኳስ ለመሸሽ አንዲት ቅጠል እንኳ አላኮበኮበም። ያ ሁሉ ዝግጅት የሚያመነታና ጥቂት ጉረኛ መሆኑን ነግሮናል፤ የዝግጅቱ መጥፋት ደግሞ ፍርሃቱን ነገረን። ማኮብኮብ ሲኖር ብቻ ሳይሆን ሲቀርም ይናገራል። ይሁን እንጂ መቅረቱ የሚናገረው አስቀድሞ ለነበረ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያ ጀምሮ ሳያኮበኩብ የሚዘል ኳስ በ67ኛው ቅጠል ቢጠፋ ተመልካቹ ቅጠል የጎደለ ይመስለዋል።

የምለውን የሚጠራጠር ቢኖር እንዲህ ይፈትነው። ጥራዙን ከጨረሰ በኋላ ከ19 እስከ 36 ያሉትን 18 ቅጠሎች አውጥቶ ለታናሽ ወንድሙ ወይም ለታናሽ እህቱ ያሳይና፦ «ኳሱ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ስለ መልኩ ከሆነ፣ ማለት «ክብ ነው»፣ «ይነጥራል» ከተባለ፣ ኳሱ ገና ዕቃ ነው። ከዚያም 18ቱን መልሶ ያሳይ። «ፈሪ ነው» ወይም «ጉረኛ ነው» የሚል መልስ ሲሰማ ኳሱ ጠባይ አግኝቷል ማለት ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ዓመት በሥዕል ክፍል እንዲህ ያለ ጥራዝ ለመሥራት የምታስቡ ጓደኞቼ ሆይ፣ ዓይኑንና አፉን ለመሣል የምታወጡትን ጊዜ ለእነዚያ 18 ቅጠሎች ስጡልኝ።