ሳናመለክት የሚደርሰን ስኮላርሺፕ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ እኅታችን ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መጥታ በኢሜይል የደረሳትን ደብዳቤ አሳትማ አሳየችን። ደብዳቤው ያማረ ነው። በአናቱ የአንድ የእንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲ ዓርማ፣ በግርጌው ክብ ማኅተምና በሰማያዊ ቀለም የተጣለ ፊርማ አለበት። የሚለውም ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ከፍተኛ ውጤት በማምጣትዎ የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ተሸላሚ ሆነዋል። የትምህርት ክፍያዎ፣ የአውሮፕላን ቲኬትዎ፣ የመኖሪያ ቤትዎና የወር መተዳደሪያዎ ተችሏል። ፋይልዎ እንዲከፈት ግን 24,000 ብር በ72 ሰዓት ውስጥ ይክፈሉ።» ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ እዚሁ አገር በሚገኝ ባንክ በአንድ ግለሰብ ስም የተከፈተ ነው።

እኅታችን ወደ እኛ የመጣችው ከከፈለች በኋላ ነው። አባቷ አንዲት ጊደር ሸጠው ገንዘቡን ላኩላት፤ እርሷም ከፈለች። በአራተኛው ቀን ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። አሁን ደግሞ «ለጤና መድን» 41,000 ብር ይጠይቃል። እቤት የቀረው የሚያርሱበት በሬ ነው። እርሱም ለገበያ ሊወጣ ሲል ነገሩ ከንክኗት ደብዳቤውን ይዛ መጣች።

ስሟን አናነሣም። ይህን እንድንጽፍ የፈቀደችልን ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ ብላ ነው። «እንዴት እንዲህ ትታለላለች?» የሚል ወንድም ቢኖር፣ ደብዳቤው የተሰናዳው ለሰነፍ ሳይሆን ለትጉህ ተማሪ መሆኑን ልብ ይበል። ውጤቱ ጥሩ የሆነ፣ ምረቃው የቀረበ፣ ሥራ ስለ ማግኘቱ የሚያስብ ተማሪ «ሊሆን ይችላል» ብሎ ያምናል። ስለዚህ ከመሳለቅ ይልቅ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ ከመክፈሏ በፊት በምን ልታውቀው ትችል እንደ ነበር አብረን እንመርምር።

የመጀመሪያው ጥያቄ «አመልክቻለሁ ወይ?» የሚል ነው። እርሷ አላመለከተችም። እውነተኛው ስኮላርሺፕ እንዴት እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ለምሳሌ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠውን ቼቭኒንግን እንመልከት። አመልካቹ chevening.org በሚባለው ድረ ገጽ ራሱ ያመለክታል። ድርሰቶች ይጽፋል፤ ስለ እርሱ የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎችን ያቀርባል፤ ከተመረጠ ለቃል ፈተና ይጠራል። ማመልከቻው በአውሮፓውያን ነሐሴ ተከፍቶ ውጤቱ የሚነገረው በሚከተለው ዓመት ሰኔ አካባቢ ስለሆነ፣ ነገሩ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዚህ ሁሉ መንገድ አመልካቹ ለስኮላርሺፑ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። የጀርመኑ ዳአድም እንዲሁ ለማመልከቻ ገንዘብ አያስከፍልም። ማንም ሳይጠይቀን፣ ማንም ስለ እኛ ሳይመሰክር፣ በአንድ ሌሊት «ተሸልመሃል» የሚል ደብዳቤ ግን የምርጫ ውጤት ሊሆን አይችልም፤ ምርጫ አልተደረገምና።

ሁለተኛው ጥያቄ «ይህ ስኮላርሺፕ ለእኔ አገር ሰው ይሰጣል ወይ?» የሚል ነው። ይህን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ በእውነት ያለና የተከበረ ነው፤ የተመሠረተውም በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን ስሙ እንደሚያመለክተው የሚሰጠው ለኮመንዌልዝ አባል አገሮች ዜጎችና በእነዚያ አገሮች ጥገኝነት ላገኙ ስደተኞች ነው። ኬንያና ኡጋንዳ አባል ናቸው፤ ኢትዮጵያ ግን አባል አይደለችም። ስለሆነም አንድ ኢትዮጵያዊ እዚሁ አገሩ ተቀምጦ «የኮመንዌልዝ ተሸላሚ ነህ» ሲባል፣ ጸሐፊው የሚጠቅሰውን ነገር ሕግ እንኳ አላነበበም ማለት ነው። እኅታችን የስኮላርሺፑን ድረ ገጽ ከፍታ ማን እንደሚያመለክት የሚናገረውን አንዱን ገጽ ብታነብ ኖሮ ጊደሪቱ ባልተሸጠች ነበር።

ሦስተኛው የላኪው አድራሻ ነው። ደብዳቤው ላይ በጉልህ የሚታየው የላኪው ስም ማንም እንደ ፈለገ የሚጽፈው ነው፤ መነበብ ያለበት @ ከሚለው ምልክት በስተቀኝ ያለው ነው። እርሱም ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይነበባል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አድራሻ ox.ac.uk ብሎ ያበቃል። አንድ አጭበርባሪ ግን ox.ac.uk.example.com ብሎ ቢጽፍ፣ ዓይናችን የሚያርፈው በመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። የአድራሻው ባለቤት ግን በመጨረሻ ያለው example.com እንጂ ዩኒቨርሲቲው አይደለም። በእንግሊዝ አገር .ac.uk የሚለው መጨረሻ፣ በአሜሪካም .edu የሚለው ለማንም አይሸጥም፤ የሚሰጠው መስፈርቱን ላሟሉ ተቋማት ነው። ለእኅታችን የደረሳት ደብዳቤ ግን ማንም በነፃ ከሚከፍተው የኢሜይል አድራሻ የተላከ ነበር።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አድራሻው የተሳሳተ ከሆነ ደብዳቤው ሐሰት መሆኑን እናውቃለን፤ አድራሻው ትክክል መስሎ ከታየን ግን ደብዳቤው እውነት ነው ማለት አንችልም። የላኪን አድራሻ አስመስሎ መጻፍ ይቻላልና። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው መልስ ለመስጠት ስንነካው መልሱ ወደ ሌላ አድራሻ ሊሄድ ሲል ነው።

አራተኛው ትምህርት ቤቱ ነው። ከውጭ አገር ተማሪ መቀበል የሚችል የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ሁሉ የመንግሥት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የባለ ፈቃዶቹም ስም ዝርዝር gov.uk በሚባለው የመንግሥቱ ድረ ገጽ ለማንም ተገልጦ ይገኛል። ለአሜሪካ ደግሞ studyinthestates.dhs.gov ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ጽፎ መፈለግ ይቻላል። ስሙ ከዝርዝሩ ከሌለ ነገሩ አበቃ። ስሙ ቢኖርስ? በእኅታችን ደብዳቤ ላይ የተጠቀሰው ዩኒቨርሲቲ በዝርዝሩ ላይ አለ። ይህ የሚያረጋግጠው ዩኒቨርሲቲው መኖሩን እንጂ ደብዳቤውን የጻፈው እርሱ መሆኑን አይደለም። ሌባ የሚሰርቀው የታወቀ ስም ነው።

ስለዚህ የመጨረሻውና ዋናው ማረጋገጫ ዩኒቨርሲቲውን ራሱን መጠየቅ ነው። በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ግን አይደለም፤ በዚያ ስልክ የሚመልሰው ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ነውና። እኅታችንም ደውላ ነበር፤ አንድ ትሕትና ያለው ሰው «አዎን፣ ስምዎ ከዝርዝሩ አለ» ብሎ አረጋግጦላታል። መደረግ ያለበት ደብዳቤውን ዘግቶ፣ በራስ መንገድ የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ ፈልጎ፣ ተማሪ የሚቀበለውን ክፍል አድራሻ ከዚያ መውሰድ ነው። ከዚያም ሙሉ ስምን፣ በደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥርና የደብዳቤውን ቅጂ አያይዞ «ይህን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ የሚፈጀው ጥቂት ቀን ነው። የ72 ሰዓቱ ገደብ የተጻፈውም እነዚህን ጥቂት ቀኖች እንዳናገኝ ነው። ከማኅበሩ ሆነን በእኅታችን ስም ጠየቅን፤ በሦስተኛው ቀን «ደብዳቤው የእኛ አይደለም፤ ገንዘብም አትክፈሉ» የሚል መልስ መጣ።

እዚህ ላይ «ታዲያ የሚጠየቅ ክፍያ ሁሉ ማጭበርበር ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አይደለም። በራሳቸው ወጪ ለሚማሩ ሰዎች ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃሉ። ቪዛም ይከፈልበታል። ለአሜሪካ የተማሪ ቪዛ የሚያመለክት ሰው፣ ትምህርት ቤቱ አይ-20 የተባለውን ሰነድ ከላከለት በኋላ ሴቪስ የሚባለውን ክፍያ fmjfee.com በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ይከፍላል። ወደ እንግሊዝ ለረጅም ጊዜ ለትምህርት የሚሄድም የጤና ክፍያ አለበት፤ የአጭበርባሪው «የጤና መድን» የተቀዳው ከዚህ እውነት ነው። ነገር ግን እውነተኛው ክፍያ የሚፈጸመው ለቪዛ በሚቀርበው ማመልከቻ ውስጥ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ነው። ልዩነቱ እንግዲህ ከክፍያው ስም ሳይሆን ከተቀባዩ ነው። የቪዛ ክፍያ ለመንግሥት፣ የትምህርት ክፍያ በዩኒቨርሲቲው ስም ለተከፈተ ሒሳብ ይገባል። ዩኒቨርሲቲ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ወይም በግለሰብ ስልክ ገንዘብ አይሰበስብም። በሁሉ ነገር ወጪህን ችዬልሃለሁ የሚል ሰጪም ፋይል ለመክፈት ከተቀባዩ ብር አይለምንም፤ ቢያስፈልገው ከሚሰጠው ላይ ይቀንሰው ነበር።

አስቀድሞ ለከፈለም የምንለው አለን። ሁለተኛውን ክፍያ አትክፈል። የመጀመሪያው እንዳይጠፋ ብሎ ሁለተኛውን መክፈል የዚህ ማጭበርበር ዋና ሞተር ነው፤ ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛው ይመጣልና። የዚያኑ ዕለት ወደ ባንክህ ሄደህ ገንዘቡ የገባበትን ሒሳብ አስታውቅ፤ ተቀባዩ ገንዘቡን ካወጣው በኋላ የሚመለስበት ተስፋ በጣም ጠባብ ነው። ደብዳቤውን፣ ደረሰኙንና የስልክ መልእክቱን ሳታጠፋ ለፖሊስ አቅርብ። ከጥቂት ቀን በኋላ «የተወሰደብህን ገንዘብ ላስመልስልህ፣ ለጉዳዩ ማስፈጸሚያ ትንሽ ክፈል» የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ ያው ሌባ ልብስ ቀይሮ የመጣ መሆኑን እወቅ።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለን። እውነተኛ ስኮላርሺፕ ብዙውን ጊዜ የመምህርን ምስክርነት ይጠይቃል። ተማሪያችሁ «ወደ ውጭ ልሄድ ነው» ብሎ ደስታውን ሲነግራችሁ ስለ እርሱ ማንም ምንም ያልጠየቃችሁ እንደ ሆነ፣ እንኳን ደስ ያለህ ከማለታችሁ በፊት ደብዳቤውን አሳየን በሉት።

የእኅታችን 24,000 ብር ይህ እስከሚጻፍ ድረስ አልተመለሰም። ባንኩ ሒሳቡ ባዶ መሆኑን ነግሯታል፤ አቤቱታዋም በፖሊስ እጅ ነው። በሬው ግን ወደ ገበያ አልወጣም። አባቷ በስልክ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ያሉት «ይሁን፣ ዘንድሮም እናርሳለን» ነው።