ጥቁር ዳቦ ሁሉ ሙሉ ስንዴ አይደለም

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ሐኪሟ ነጭ ዳቦ እንድትቀንስ ከነገራት ወዲህ በየቅዳሜው የሳምንቱን ዳቦ የምገዛው እኔ ነኝ። ለወራት የማመጣላት "ሙሉ ስንዴ" የሚል የተጻፈበት፣ ቡናማ፣ ተቆራርጦ በላስቲክ የታሸገ ዳቦ ነበር። ዋጋው ከሰፈራችን ዳቦ ቤት ነጭ ዳቦ እጥፍ ነው። አንድ ቀን ቁርስ ላይ መነጽሬን አድርጌ ጀርባውን ሳነብ እንዲህ ይላል፦ የስንዴ ዱቄት፣ ውሃ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ፉርሽካ፣ ካራሜል።

በምግብ እሽግ ላይ ግብዓቶች የሚደረደሩት በክብደታቸው ነው። ብዙው ይቀድማል፣ ትንሹ ይከተላል። አሁን ጨውን ፈልጉ። ዳቦ ውስጥ ጨው ብዙ አይገባም፤ ለ100 ግራም ዱቄት 2 ግራም ገደማ ነው፣ ከዚያ ካለፈ አፍ ያስይዛል። ስለዚህ ከጨው በኋላ የተጻፈ ማንኛውም ነገር ከ2 ግራም አይበልጥም። የኛ ፉርሽካ ከጨው በኋላ ነው ያለው። ሙሉ የስንዴ ፍሬ ግን ከ100 ግራም ውስጥ 14 ግራም ያህሉ ፉርሽካ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያለው "የስንዴ ዱቄት" ደግሞ ሌላ ነገር አይደለም፣ ፉርኖ ነው። ፉርሽካውና ቡቃያ የሚወጣበት ክፍል ወጥቶለት ነጩ ብቻ የቀረ ዱቄት። ሙሉ ቢሆን ኖሮ "ሙሉ የስንዴ ዱቄት" ተብሎ አንደኛ ይጻፍ ነበር። ቡናማነቱስ? እሱን መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ካራሜል፣ ማለትም የተቃጠለ ስኳር፣ ይመልሳል። እጥፍ የከፈልነው ለቀለም ነበር።

ዳቦው በእርግጥ ሙሉ ስንዴ ቢሆንም ለስኳር ሕመምተኛ ፈቃድ አይደለም። ልሞ የተፈጨ ሙሉ ስንዴ የደም ስኳርን ከነጩ ብዙም ባልተናነሰ ያወጣል። ጥቅሙ በአሰሩ ነው፤ ሆድ ይይዛል፣ አንጀት ያላላል። የቁራጩን ብዛት ግን መቁጠር አይቀርም። ይህን ለእናቴ ማስረዳት ዳቦ ከመምረጥ የከበደ ሥራ ነበር።

"ግን እኮ ሳምንት ይቆያል" የሚል አይጠፋም። ይቆያል። ካልሲየም ፕሮፒዮኔት የሚባለው ማቆያ ሻጋታን ያዘገያል፣ ዘይቱና ስኳሩ ደግሞ ለስላሳ አድርገው ያቆዩታል። መርዝ ነው አልልም። ነገር ግን በአምስተኛው ቀን ሲጫኑት የሚለሰልስ ዳቦ ትኩስ ዳቦ ነው ማለት አይደለም።

የዳቦ ቤቱ ዳቦ በማግስቱ የሚደርቀው ውሃው ስለተነነ ብቻ አይመስላችሁ። በምድጃ ሙቀት የለሰለሰው ስታርች ሲቀዘቅዝ እንደገና ስለሚጠጥር ነው። ይህ መጠጠር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚፈጥነው በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። ብዙዎቻችን ዳቦ እንዳይበላሽ ብለን ፍሪጅ እናስገባለን፤ ከሻጋታ እናድነውና ድንጋይ እናደርገዋለን። ፍሪዘር ግን ሌላ ነው፤ እዚያ መጠጠሩ ይቆማል። ቁራጩን አውጥቶ በቀጥታ ምጣድ ላይ ማሞቅ ነው፣ ልስላሴው ይመለሳል።

አሁን እኛ ቤት እንዲህ ሆኗል። ለልጆቹ ቅዳሜና ረቡዕ ከዳቦ ቤት ትኩስ ይገዛል፣ የሁለት ቀኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ትኩሱን በላስቲክ መቋጠር ቀርቷል፤ እንፋሎቱ ውስጡ ይታፈንና በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ሻጋታ ከታየ ያንን ጎን ቆርጦ ቀሪውን መብላት የለም፣ ክሩ ለዓይን ሳይታይ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ። ለእናቴ ስንዴ ገዝተን ወፍጮ ቤት እናስፈጭና ሳንነፋው ድፎ እንጋግራለን። ሲበርድ ተቆራርጦ ፍሪዘር ይገባል፣ በቀን ሁለት ቁራጭ ይወጣል። ዱቄቱን የምናስፈጨው ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ነው፤ ቡቃያ የሚወጣበት ክፍል ዘይት ስላለው ከቆየ ይሻክታል፣ ይመርራል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የቀለጠውን ሁሉ አውጥተን ምጣድ ላይ አድርቀን ለሻይ እናደርገዋለን።

ስንዴ ለቅሞ አስፈጭቶ መጋገር ሁሉም ቤት አይሆንም፣ አውቃለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ የምትቆም እናት ከእሽግ ዳቦ ሌላ ምርጫ የላትም። ለዚህ ነው የሚያናድደኝ። ስለ ዳቦ ግራም ስንጮህ ኖረናል፣ ትክክልም ነው። ነገር ግን ግራሙ ሞልቶ ስሙ ውሸት የሆነን ዳቦ ማን ይመዝነዋል? "ሙሉ ስንዴ" ብሎ የሚያትም አምራች ከዱቄቱ ስንት እጁ ሙሉ እንደሆነ በዚያው የፊደል መጠን፣ በዚያው ፊት ለፊት ይጻፍ። 100 ከሆነ 100፣ 2 ከሆነ 2። እስከዚያው ድረስ ቅዳሜ ስትገዙ እሽጉን ገልብጡና ጨውን ፈልጉ።