«ቁርኣን እንዲህ ይላል» ከማለታችን በፊት



ሰሞኑን በፍኖተ ሰላምም በቡሬም ተማሪዎቻችን በስልካቸው አንድ አጭር ቪዲዮ ይዘውልን መጡ። ከጀርባው የቲላዋ ድምፅ ይሰማል። ከፊቱ ደግሞ ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ እንዳትነኳቸው አላህ በቁርኣን አዟል የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ሰላም እንደምንሻ ለማሳየት በቅን ልብ የተሠራ ይመስላል።

ነገር ግን በ114ቱ የቁርኣን ሱራዎች ውስጥ ሐበሻ የሚል ስም የለም። ንግግሩ ሐዲስ ተብሎ በሱነን አቡ ዳውድ የተዘገበ ነው። በአንደኛው ዘገባ ወዲያው ተከትሎ የካዕባን ሀብት ስለሚያወጣ የሐበሻ ሰው ይነገራል፤ ቪዲዮው ይህን ቆርጦታል። ስለ ሰነዱ ጥንካሬም ዑለማዎች አንድ ቃል አይደሉም። እንግዲህ አንዱ ጽሑፍ ሁለት ስሕተት ይዟል፤ ሐዲሱን ቁርኣን አደረገው፣ ግማሹንም ደበቀው።

ስለ አገራችን መናገር ከፈለግን ጠንካራ ማስረጃ አለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ነጃሺ በሞተ ጊዜ ሰሓባዎቻቸውን አሰልፈው እንደሰገዱበት ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበዋል። በሐበሻ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ ለሰሓባዎቻቸው የነገሩት ደግሞ በኢብን ሂሻም ሲራ ይገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያውን «በቡኻሪና በሙስሊም»፣ ሁለተኛውን «በሲራ» ብለን እናስተላልፍ። ሁለቱንም «ቁርኣን» አንበላቸው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የአማርኛውን የቁርኣን ትርጉም የያዘ ሰው በቅንፍ የገቡ ቃላትን ያውቃል። እነዚያ ተርጓሚዎቹ ትርጉሙን ለማብራራት የጨመሯቸው ናቸው። በቪዲዮ ሲነበቡ ግን ቅንፉ አይሰማም፤ የሰው ማብራሪያ የአላህ ቃል ሆኖ ይወጣል። አንባቢው ቅንፉን ይዝለለው፣ ወይም «ተርጓሚው እንዳብራራው» ይበል።

ስለዚህ ቪዲዮ ሲደርሰን እንዲህ እናድርግ። የሱራው ስምና የአንቀጹ ቁጥር ካልተጻፈ አናስተላልፍ። ከተጻፈ ሙስሐፉን ገልጠን ከፊቱና ከኋላው ያሉትን አንቀጾች እናንብብ። ሐዲስ ከሆነ በየትኛው ኪታብ እንደተዘገበና ማን እንዳወራው እንጠይቅ። የሐዲስ ቁጥር ከኅትመት ኅትመት ስለሚለያይ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ የኪታቡን ምዕራፍም እንያዝ። ያልገባንን ከመስጂዱ ኡስታዝ ጋር ኪታቡን ዘርግተን እንየው።

ቪዲዮውን ቀድመን ልከን ከሆነ በላክንበት ቦታ ሁሉ «ይህ ቁርኣን አይደለም፣ ሐዲስ ነው» ብለን እናርም። ዝም ብሎ ማጥፋት የተቀበለውን ሰው አያርመውም።

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ታዘናል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ሆን ብሎ በእርሳቸው ላይ የዋሸ መቀመጫውን በእሳት እንዲያዘጋጅ አስጠንቅቀዋል። እኛ መብታችንን በሰላም የምንጠይቅ ሰዎች ነን። በኪታባችን ላይ ስንሳሳት የተገኘን ቀን እውነተኛ አቤቱታችንንም የሚያምነን እናጣለን።