ብቻውን የሮጠ ገዢ

ርዕሰ አንቀጽ

የደመወዝ ወለል ነገር በተነሣ ቁጥር ከወንበሩ በኩል የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ “ወለል ከወጣ ባለሀብት ይሸሻል፣ ሥራ አጥ ይበዛል” ይባላል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። የአዋጁ አንቀጽ 55 መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን ደመወዝ በጥናት ላይ ተመሥርቶ በየጊዜው እንደሚከልስ ይደነግጋል። ለቦርዱ ሥልጣን የሚሰጠውን ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። አዋጁ በወጣ በስድስተኛው ዓመት፣ በ2017 እንኳ፣ የኢሠማኮ ጥያቄ ያው “ወለሉ የት አለ?” የሚል ነበር።

ለመሆኑ ይህ የማስፈራሪያ መልስ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? እኛ የምንለው፦ አምበር ላይ እውነት ነው፤ ፋብሪካው በር ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ሐሰት ነው። እንዴት ቢባል ጉዳዩ ያለው በደመወዙ ላይ ሳይሆን በገዢዎቹ ቁጥር ላይ ነውና።

ከአዲስ አበባ ደጀንና ሉማሜን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ አምበርን ያውቃታል። የጤፍ አገር ናት። አጨዳ ሲደርስ ማጭድ የያዘ ሰው ገበሬውን ይፈልጋል፤ ገበሬውም ማጭድ የያዘውን ይፈልጋል። የቀኑ ዋጋ 300 ብር ነው እንበል። አንዱ ገበሬ ቆንጠጥ ብሎ “250 እከፍላለሁ” ቢል አጫጁ አይለምነውም፤ አጥሩን ተሻግሮ ለጎረቤቱ ያጭዳል። ደግ ልሁን ብሎ 350 የሚከፍልበትም ምክንያት የለውም፤ በ300 የሚያጭድለት ሞልቷል። አምስት አጫጅ ይዞ ስድስተኛ ቢጨምርም የአምስቱ ዋጋ በዚህ አይወደድበትም፤ የአንድ ሰው ማሳ የአገሩን ዋጋ አያነቃንቅምና። እንግዲህ ብዙ ገዢ ያለበት ገበያ ማለት ይህ ነው። ዋጋውን ማንም ብቻውን አይቆርጠውም።

አሁን ሕግ መጣና “ከ400 ብር በታች ማሳጨድ ክልክል ነው” አለ እንበል። ገበሬው ሒሳብ ያውቃል። ጤፉ መርገፍ ሲጀምር የደረሱለት የመጀመሪያዎቹ ሦስት አጫጆች እያንዳንዳቸው ከ400 ብር በላይ የሚያወጣ እህል ያድኑለታል። አራተኛው የ350፣ አምስተኛው የ320 ብር ነው የሚያድነው። በ300 ብር አምስቱም ያዋጡት ነበር። በ400 ግን ሁለቱን ያሰናብትና ወንፈል ይገባል፣ ደቦ ይጠራል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ሁለቱ አጫጆች 400 ብሩን የሚያዩት በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ባለሥልጣኖቻችን ስለ አምበር አጨዳ ቢናገሩ ኖሮ እሰየው ባልን ነበር።

እነሱ የሚናገሩት ግን ስለ ፋብሪካው ነው። እዚያ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል?

እስቲ አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንድ ስፌት ፋብሪካ በአንድ ገጠር ከተማ ተተከለ እንበል። በአካባቢው ሌላ ቀጣሪ የለም። በወር 2,000 ብር ሲል 100 ሰው ይመጣለታል። እነዚህ በቅርብ ያሉት፣ ወጪያቸውም ያነሰው ናቸው። አሥር ሰው ለመጨመር ከራቀ ቀበሌ መሳብ አለበት፤ የራቀው ደግሞ ቤት ኪራይ ስላለበት ከ2,200 ብር በታች አይመጣም። ጥሬ ዕቃና መብራት ተቀንሶ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለባለቤቱ በወር 4,000 ብር ያስገባል እንበል። በ4,000 ብር ሥራ ላይ 2,200 መክፈል የማያዋጣው ማን ነው? ታዲያ ለምን አይቀጥርም?

የማይቀጥረው ለአዲሶቹ 2,200 ከፍሎ ለነባሮቹ 2,000 ብሎ መቀጠል ስለማይችል ነው። አንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይህን ቢያደርግ ምን እንደሚመጣበት ያውቃል። ስለዚህ ለአዲሶቹ አሥር ሰዎች 22,000 ብር ሲከፍል ለነባሮቹ መቶ ሰዎችም 200፣ 200 ጨምሮ 20,000 ብር ያወጣል። አሥር ሰው መጨመር በጠቅላላው 42,000 ብር አስወጣው ማለት ነው። አሥሩ የሚያስገቡለት ግን 40,000 ነው። ሁለት ሺሕ ብር ይከስራል፤ ስለዚህ ይተወዋል። በሩ ላይ “ሠራተኛ እንፈልጋለን” የሚለውን ማስታወቂያ ሰቅሎ፣ ደመወዙን ሳይነካ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል።

አሁን ወለሉ 2,200 ሆኖ ይታወጅ። ለነባሮቹ መቶ ሠራተኞች 200 ብር መጨመር የሕግ ግዴታ ሆነ፤ አዲስ ሰው ቀጠረም አልቀጠረ ገንዘቡ ወጥቷል። አሥሩን መጨመር አሁን የሚያስወጣው 22,000 ብር ብቻ ሲሆን የሚያስገባው ያው 40,000 ነው። ሮጦ ይቀጥራል! ሠራተኛው ከ100 ወደ 110 አደገ፣ ደመወዙም ከፍ አለ። ባለቤቱስ? ቀድሞ ከመቶው ሰው 2,000፣ 2,000 ብር ሲተርፈው 200,000 ያገኝ ነበር። አሁን ከ110ሩ 1,800፣ 1,800 ሲተርፈው 198,000 ያገኛል። ኪሳራው ሁለት ሺሕ ብር ነው። በሁለት ሺሕ ብር አገር ጥሎ የሚሰደድ ባለሀብት ካለ ይታየን!

ይህ ማለት ግን ወለሉ ሰማይ ይንካ ማለት አይደለም። ሠራተኛው 4,000 ብር እያስገባ ወለሉ 4,000 ቢደርስ ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። የማሽኑና የብድሩ ዕዳ ሲታሰብማ ጣሪያው ከዚያም ዝቅ ይላል። በብቸኛ ገዢ ፊት ወለሉ ሥራ የሚጨምረው እስከ አንድ ነጥብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ልክ እንደ አምበር ሥራ ይቀንሳል። ያንን ነጥብ አጥንቶ ማግኘት የቦርዱ ሥራ ነበር፤ ቦርዱ ቢኖር ኖሮ።

“ይህ ሁሉ የወረቀት ሒሳብ ነው” የሚለን አይጠፋም። የወረቀቱን ሐሳብ እንግሊዛዊቷ የኢኮኖሚ ምሁር ጆአን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ጽፋዋለች። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ወለሉ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ሲያድግ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የፈጣን ምግብ ቤቶችን ወለሉ ካልተነካባት ከጎረቤቷ ፔንሲልቫኒያ ጋር አነጻጽረው የተቀጣሪው ቁጥር እንዳልቀነሰ ጽፈዋል። በውጤቱ የተከራከሯቸው ምሁራን አሉ፤ ሆኖም “ወለል ሁልጊዜ ሥራ ያጠፋል” የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ እንደ ጸሎት የሚደገም አልሆነም።

ወደ አገራችን እንመለስ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ 60,000 ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ዘገባ መሠረት የነበረው 25,000 ገደማ፣ የመነሻ ደመወዙም በወር 26 ዶላር ያህል ነበር። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ የሠራተኛቸውን ቁጥር ያህል አዲስ ሰው ይተኩ እንደነበርም ዘገባው ይናገራል። ሰው እየጎደለ፣ የሰለጠነችው ልጅ በወራት ውስጥ እየሄደች፣ ደመወዙ ግን ንቅንቅ አይልም። በአምበር አጨዳ አጫጅ ቢጠፋ ዋጋው በማግሥቱ ይወጣል፤ እዚህ ግን ማስታወቂያው ይለጠፋል፣ ዋጋው ይተኛል። ብቸኛ ገዢን የምናውቅበት ዋናው ምልክት ይህ ነው።

ፍርድ እንዳናጓድል ሁለት ነገር እንጨምር። ፓርኩ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ በሩ ብዙ ነው። ከገጠር ለመጣች ልጅ ግን በር ብዙ ሆኖ ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ብዙነቱ ምን ይፈይድላታል? ሁለተኛ፣ ጥላ መሄድ መቻሏ ራሱ የፓርኩ ጉልበት ፍጹም እንዳልሆነ ያሳያል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ባደረጉት ጥናት ከተቀጠሩት ውስጥ ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ በዓመት ውስጥ ሥራውን ትተዋል። ስለዚህ የወለሉ ጥናት ከፓርክ ፓርክ፣ ከከተማ ከተማ መለየት ይኖርበታል።

ርካሽ ጉልበት ባለሀብትን ያጣብቃል የሚለውስ? ወለል በሌለበት አገር፣ በዚያው ደመወዝ፣ ትልቁ የፓርኩ ደንበኛ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ለቅቆ ሄደ። አሜሪካ የአጎዋን ዕድል ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስትዘጋ ሌሎችም ተከተሉ። ያባረራቸው ጦርነቱና የገበያው መዘጋት እንጂ የሠራተኛዋ ደመወዝ አልነበረም።

እዚህ ላይ ጎጃምን በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር አለ። የአምበር ወጣት የመደራደር ጉልበቱ እግሩ ነው። ዋጋው ካልጣመው ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ መተማ ሰሊጥ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ውጊያ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ግን ያ ሁሉ ገዢ ከዓይኑ ይሰወርና የቀረው በአጠገቡ ያለው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ብዙ ገዢ የነበረበት ገበያ በኬላ ምክንያት የአንድ ገዢ ገበያ ሆነ ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት ከወለሉ በፊት መንገዱ ይቀድማል።

መንግሥት ራሱም ከትልልቆቹ የጉልበት ገዢዎች አንዱ መሆኑን አንርሳ። ለራሱ ሠራተኛ ዝቅተኛውን ደመወዝ በ2017 ከ1,500 ወደ 4,760፣ በ2018 ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ አድርጓል። ደግ አደረገ። ታዲያ ለራሱ ቤት መልካም የሆነው ወለል ለስፌት ፋብሪካዋ ልጅ ሲሆን ለምን መርዝ ተባለ?

የምንጠይቀው ቀላል ነው። ቦርዱ ይቋቋም። ለእያንዳንዱ ማሳ ሳይሆን፣ ቀጣሪው አንድ ወይም በአንድ ዋጋ የሚሄድ በሆነበት ቦታ ይጀምር። በሩ ላይ ማስታወቂያው ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ ደመወዙ ያልተነሣበትን ፋብሪካ ይቁጠር። ወለሉን ሠራተኛዋ ከምታስገባው በታች፣ አሁን ከምትወስደው በላይ ያኑረው፤ በዓመቱም የተቀጠረውን ቆጥሮ ይከልሰው። አምበርን ለአጫጆቿና ለገበሬዎቿ ይተዋት። እነሱ ዋጋ መቁረጥ ያውቃሉ፤ የሚሹት መንገዱ እንዲከፈት ብቻ ነው።