ከገበሩ ስር ያለው ሂሳብ

የእህቴ ልጅ ሠርጉ ስለደረሰ ሙሉ ልብስ ላሰፋለት ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አካባቢ ወዳለ ልብስ ሰፊ ይዤው ሄድኩ። ዋጋው ሲነገረኝ ቀንስልኝ አልኩ። ሰውየው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «አቦ፣ ከየቱ ልቀንስልህ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር።

ሂሳቡ እንዲታየን የምሳሌ ቁጥሮችን እንውሰድ። መካከለኛ ቁመና ላለው ሰው ኮትና ሱሪ፣ ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብትን ጨርቅ 3 ሜትር ግድም ይፈጃል። ሜትሩ 1,200 ብር ቢሆን 3,600 ይሆናል። 2 ሜትር ገበር 500፣ ደረቱን የሚያቆመው የውስጥ ጨርቅና የትከሻ ስፖንጅ 400፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር 300፣ የእጅ ዋጋ 3,200 ብር ቢሆኑ ድምሩ 8,000 ይሆናል።

ጨርቁን፣ ገበሩንና ቁልፉን ሰፊው ራሱ ገዝቶ ነው የሚያመጣው፤ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል። ስለዚህ ክርክራችን የሚያርፈው እጁ ላይ ነው። ከምሳሌያችን 500 ብር ብናስቀንስ ለእኛ ከጠቅላላው አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው፤ ለሰፊው ግን ከድካሙ ዋጋ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይሄዳል።

እሱም ያንን የሚያካክሰው ዓይናችን በማያየው ቦታ ነው። የደረቱን የውስጥ ጨርቅ በእጅ ከመስፋት ይልቅ ሙጫ ያለውን በካውያ ይለጥፈዋል። ሙጫው ጥሩ ካልሆነ ወይም በደንብ ካልተጣበቀ፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ ደረቱ ላይ እንደ አረፋ ያብጣል። ገበሩንም ጀርባው መሃል ትርፍ እጥፋት ሳይተውለት ይቆርጠዋል፤ ልጁ እጁን ወደ ፊት ሲዘረጋ ብብቱ ስር ይተረተራል። ለሙከራ መጥራትንም ይተወዋል።

የድሬ ሙቀት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። የፖሊስተር ገበር ላብ ስለማይመጥ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ሰፊው ጀርባውን ከትከሻ በታች ያለ ገበር እንዲተወው መከረን። ዋጋው ይቀንሳል ብዬ ነበር፤ አልቀነሰም። ገበር የሚሸፍነው ስፌት እርቃኑን ስለሚቀር፣ ጠርዙ ሁሉ አንድ በአንድ ተጠቅልሎ መሰፋት አለበት። ገበሩ ባነሰ ቁጥር የእጅ ሥራው በዛ።

ወጪ መቀነስ ካስፈለገ የሚቀነሰው ከጨርቁ ነው። «ንጹህ ሱፍ ነው» ተብሎ በውድ ዋጋ ከቀረበልን ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዞ ማቃጠል ይበቃል፤ ሱፍ እንደ ፀጉር ይሸትና አመዱ በጣት ይፈርሳል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጉብታ ይሆናል። ፖሊስተርን በሱፍ ዋጋ አለመግዛት ከእጅ ዋጋ ላይ ከሚቀነሰው የበለጠ ያተርፋል።

ልብስ ልታሰፉ ስትሄዱ ዋጋውን በየፈርጁ አስነግሩ፤ በጨርቁ ተከራከሩ፣ የገበሩን ዓይነት ጠይቁ፣ ሙከራ እንዳለው አረጋግጡ። የእጁን ዋጋ ግን አትንኩበት።